የጨርቁ ግልባጭ

መጀመሪያ ባየሁት ምስል ላይ ቀሚሴ ቀልጦ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ «እዪው! እስቲ እዪው!» ይለኛል። የማየው ቆዳዋ እንደ ሻማ የሚያብለጨልጭ ሴት ነው፤ የለበሰችው እኔ የሰፋሁት የዱንጉዛ ቀሚስ ነው ተባልኩ። የወላይታ ባህል ጨርቅ መለያ የሆነው ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር አለ። ከወገብ በታች ግን መስመሩ እንደ ፈሰሰ ዘይት ይወናበዳል፤ ጉልበቷ አካባቢ ቀዩ ቢጫው ውስጥ ይገባል፤ ጥቁሩ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። አውራ ጣቷ ቀበቶው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ጨርቁ ደግሞ ነፋስ የነካው ሐር ይመስላል። የኔ ቀሚስ በእጅ የተሸመነ ወፍራም ጥጥ ነው፤ አይንሳፈፍም፤ የለበሰው ሰው ክብደቱን ትከሻው ላይ ያውቀዋል።

«ያስጠላል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሁለመናው። እሷም፣ ጨርቁም።»

ቅር አለው። ሲደሰት ሰው አብሮት ካልተደሰተ ከልጅነቱ ጀምሮ ይከፋዋል። አብረን ነው ያደግነው፤ አውቀዋለሁ።

የልብስ ስፌት ቤቴ ወላይታ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ አፍንጫዋ የተላጠ የልብስ ማሳያ የፕላስቲክ ማኒኪን አለኝ። ጨርቁን የሚሸምኑልኝ ከከተማው ዳር ያሉ ሸማኔዎች ናቸው፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ልብስ የሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል አለው። ተከታዮቹ ከሶዶ ብቻ አይደሉም፤ በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከቤሌ፣ ከቦምቤ፣ ከቢጠና ያዝዛሉ፤ ዕቃው በሚኒባስ ይላክላቸዋል። እኔ ልሰፋ፣ እሱ ሊሸጥ ተስማማን። ችግሩ ፎቶው ነበር። በዚያች አፍንጫዋ በተላጠ ማኒኪን ላይ አልብሰን ስናነሳው፣ ከልብሱ ይልቅ ስለ አፍንጫዋ የሚጽፉልን ሰዎች በዙ።

ኤአዩን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ ያመጣው ለዚህ ነው። የልብሱን ፎቶ ትሰጠዋለህ፣ የምትፈልገውን በቃል ትጽፍለታለህ፣ እሱ ደግሞ ሰው ላይ አልብሶ ወይም በማይታይ ማኒኪን ላይ ዘርግቶ ይስልልሃል። የማይታይ ማኒኪን ማለት ልብሱ ሰው የለበሰው ያህል ሞልቶ ይቆማል፣ ውስጡ ግን ማንም የለም፤ አንገቱ ክፍት ነው፤ በክፍቱ በኩል የጀርባው ውስጠኛ ገጽ ይታያል።

የጻፈውን አሳየኝ ስለው አሳየኝ። «የሚያምር፣ የቅንጦት፣ የሚንሳፈፍ የወላይታ ቀሚስ፣ ቆንጆ ሞዴል ላይ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ።

«የሚንሳፈፍ ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። «የጠየቅኸውን ሰጠህ። ‹የቅንጦት› ስትለው ደግሞ ሐር መሰለው። ይሄ ጨርቅ ይንሳፈፋል እንዴ?»

«እንግዲያ አንቺ ጻፊዋ!»

ጻፍኩ። መጀመሪያ በአማርኛ ሞከርኩ። «የባህል ቀሚስ» ስለው ነጭ ጥበብ ቀሚስ ስሎ ሰጠኝ። «ዱንጉዛ» ስለው ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው የአበባ ጨርቅ አመጣ። ስሙን አያውቀውም። ስሙን ለማያውቅ ሰው ነገሩን እንዴት ትነግረዋለህ? መልኩን፣ ክብደቱን፣ አወራረዱን ታስረዳዋለህ። እንደዚያ አደረግሁ፤ በዚያች በተማርኳት እንግሊዝኛም ቀስ እያልኩ ጻፍኩት።

ከቃሉ በፊት ግን ፎቶው ነበር የሚቀድመው። ቀሚሱን ተኩሼ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ እጅጌዎቹን ከጎኑ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ መስመሮቹን አቃንቼ፣ ጥላ እንዳይጥል ከላይ በቀጥታ አነሳሁት። ከዚያ አንገቱን ገልብጬ የጀርባውን ውስጠኛ ገጽ ለብቻው አነሳሁ።

«ያ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«አንገቱ ክፍት ሆኖ ውስጡ ይታያል አላልክም? ካላሳየነው ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚሞላው።»

ከዚያ ይህን ጻፍኩለት፤ አሁን በአማርኛ ልመልሰው፦ ‹በፎቶው ላይ ያለውን ቀሚስ በማይታይ ማኒኪን ላይ አሳይ። የመስመሮቹን ቀለም፣ ስፋትና ቅደም ተከተል አትቀይር። ጨርቁ በእጅ የተሸመነ ወፍራም ጥጥ ነው፤ አያብለጨልጭም፣ ድርና ማጉ ቀረብ ብለው ሲያዩት ይታያል። የትከሻው ስፌት በትከሻ ጫፍ ላይ ይረፍ። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ልልነት ይኑር። ከወገብ በታች ጨርቁ በክብደቱ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ እጥፋቶቹ ጥቂትና ጥልቅ ይሁኑ፣ ብዙና ስስ አይሁኑ። መስመሩ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ሳይቆረጥ ይቀጥል። እጅጌው ክንድ እንዳለበት ይሙላ፣ ክርኑ ላይ ትንሽ ይሸብሸብ። በአንገቱ ክፍት በሁለተኛው ፎቶ ያለው የጀርባ ውስጥ ይታይ። የምስሉ ዳራ ግራጫ፣ ብርሃኑ ለስላሳ፣ ከጎን።›

አንድ ጊዜ ጽፌ አልጨረስኩም። መስመሩን ሲያስተካክል እጅጌውን ያሳጥራል፤ እጅጌውን ስነግረው አንገቱን ይዘጋዋል። አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ፣ ሌላውን ሳልነካ ስሄድ ነው የተቃናው። በመጨረሻ የመጣው ምስል ግን የኔ ቀሚስ ነበር። ጨርቁ ከብዶ ወርዷል። ሰው የለበትም፣ ግን ሰው የሚገባበት ይመስላል። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰሞን ለጨርቅ ቃል መፈለግ ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ዓመት በእጄ የማውቀውን ነገር በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበርና።

ልብሱ ይሸጥ ጀመር። የአክስቴ ልጅ ግን በማይታየው ማኒኪን አልረካም።

«ሴት ያስፈልጋል» አለኝ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ፣ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ባዶ ልብስ ያስፈራል ይላሉ። የሞተ ሰው ልብስ ይመስላል አሉኝ።»

እሺ አልኩ። ነገሩ መጥፎ አይደለም፤ ልብስ ሰው ላይ ሲታይ ነው የሚታወቀው። የአቋሙንም ነገር ጻፍኩለት፦ ‹በአንድ እግሯ ላይ ደገፍ ብላ ትቁም፣ እጆቿ ይለቀቁ፣ የጎን ስፌቱን አይሸፍኑ፣ ፊቷ ወደ ካሜራው ይሁን፤ ዕድሜዋ አርባ አካባቢ፣ ሞላ ያለች የደቡብ ኢትዮጵያ ሴት ትሁን።› ልብሴን የሚገዙት እንደዚያ ያሉ ሴቶች ናቸውና።

እሱ አጠገቤ ሆኖ የጻፍኩትን ሰረዘው።

«አርባ? እናቴን ነው የምሸጠው?» አለና በራሱ አውራ ጣት መጻፍ ጀመረ፤ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል። «ወጣት። ቀላ ያለች። ወገቧ ቅጥን ይበል። ከዳሌ ሙሉ። ጨርቁ ሰውነቷ ላይ ጥብቅ ይበል፣ ቅርጿ ይታይ። ወደ ጎን ዞር ትበል፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ...» ምስሉ መጣ። «አይ፣ ቀላ አላለችም። ትንሽ ቀላ። ዳሌዋን ጨምር።» ደግሞ መጣ። «ጨምር።»

የቅዳሜ ከብት ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው ሻኛ የሚዳስስበት እጅ ትዝ አለኝ። በሬው ቢያንስ አለ። ይቺ ሴት የለችም፤ ስለሌለች ደግሞ ምንም ቢሏት አትሰማም፤ ‹ጨምሪ› ሲሏት ትጨምራለች፣ ‹ዙሪ› ሲሏት ትዞራለች፣ ፈገግታዋ አይለወጥም። በስተመጨረሻ ያ ወፍራም ጥጥ ቆዳዋ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተለጥፎ መጣ። ጡቶቿ ላይ ያሉት መስመሮች ጎብጠዋል። ያን ከሸመኑት ሰዎች ጋር ቤተ ክርስቲያን ነው የምንገናኘው።

«ይሄን ቻናሉ ላይ ከለጠፍክ ቀሚስ አልሰጥህም» አልኩት።

«እህቴ፣ ሰው እኮ አይደለችም።»

«ቀሚሱ የኔ ነው።»

ሳቀ። ግን ተስማማን፤ የኔ ልብስ በማይታየው ማኒኪን ብቻ እንዲታይ፣ ሌላውን ልብሱን እንደ ፈለገ እንዲያደርግ። ያ ስምምነት ለኔ በቂ መስሎኝ ነበር።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ሶዶ ውስጥ ዱንጉዛ የማይፈልግ የለም። የመሥሪያ ቤት ሰው፣ የመዘምራን ቡድን፣ ሠርግ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሸማኔዎቹ እጃቸው እስኪዝል ይሠራሉ፤ ከዚያ በላይ ግን እጅ አይፈጥንም። ለአክስቴ ልጅ ከዚህ በኋላ ትዕዛዝ መቀበል አልችልም አልኩት። «ችግር የለም» አለኝ። ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። ቻናሉ ላይ አዳዲስ የዱንጉዛ ቀሚሶች በማይታይ ማኒኪን ታዩ። ‹በእጅ የተሸመነ› ይላል ከሥሩ። ሌላ ሸማኔ አግኝቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እጥፋቶቹን ሳያቸው ግን የማውቃቸው ይመስሉኝ ነበር፤ ጥቂትና ጥልቅ፣ ከግራ ዳሌ ተነስተው የሚወርዱ። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ አንድ ዓይነት እጥፋት ይወጣል ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ ጠንክሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። አንዲት ሴት ትልቅ ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋ በራፌ ላይ ቆመች። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፤ ሰፋ ያለች፣ ነጠላዋ ረጥቦ ራሷ ላይ የተጣበቀ።

«ሳሮ» አለች፣ በወላይትኛ ሰላምታ። «የዱንጉዛ ቀሚስ የሚሰፋበት ቤት ይሄ ነው? ቻናሉ ላይ አድራሻው እዚህ ይላል።»

«ነው፤ ግቢ እናቴ፣ ዝናብ አይምታሽ።»

ገባች፣ ግን አልተቀመጠችም። ከቤሌ ነው የመጣችው። ልጇን ልትድር ነው፤ ለራሷ፣ ለሙሽራዋና ለሚዜዎቹ አንድ ዓይነት የመልስ ልብስ ከቻናሉ አዝዛ በሚኒባስ ተልኮላታል። ፌስታሉን ፈታች። ልብሱ ሳይወጣ ሽታው ወጣ። ጋዝ የነካው ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ ላብ። አፍንጫዬን ልይዝ እጄ ተነስቶ፣ ሴትየዋን እንዳላሳፍራት መልሼ አወረድኩት።

«ትናንት ቤተ ክርስቲያን ለብሼው ሄድኩ» አለች። «ሰው እንዲያየው። ሞቆኝ ነበር። ስዘምር ቆይቼ ስወጣ ልጄ ‹እማዬ አንገትሽ ደም ነው!› ብላ ጮኸች።» ነጠላዋን ገለጠችልኝ። ከአንገቷ ሥር እስከ ደረቷ መጀመሪያ ቀይና ጥቁር ቀለም ወርዶ፣ በላቧ መስመር ላይ ደርቆ፣ የቆዳዋ ሽብሽብ ውስጥ ገብቷል። በሳሙና አሽታው ቆዳዋ ተቆጥቷል፤ ቀለሙ ግን ያው ነው። «መዘምራኑ ሁሉ አዩኝ። ከጎኔ የቆመችው እህት ሽታውን ሸሽታ ወንበር ቀየረች።»

ቀሚሱን አነሳሁት። እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ፤ ሸርተት የሚል፣ ክብደት የሌለው፣ ሲያሹት ጣት ላይ ስስ ቅባት የሚተው ነገር ነው። ፖሊስተር ነው። መስመሩ ታትሞበታል። አንገቱን ገለበጥኩት፤ ውስጡ ነጭ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ እንኳ አይደለም፤ ቀለሙ ያልዘለቀው፣ እንደ ታመመ ሰው ምላስ የነጣ ነገር ነው። የተሸመነ ዱንጉዛ ግልባጭ የለውም፤ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ስለሆነ ውስጡም ውጩም አንድ ነው።

«ምስሉን አሳዪኝ» አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ። ምስሉ ላይ በአንገቱ ክፍት በኩል የሚታየው የጀርባ ውስጥ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ነው። እንደ ውጩ የደመቀ። የአክስቴ ልጅ ውስጡን ፎቶ አንስቶ ለማሽኑ አልሰጠውም፤ ማሽኑ ከውጩ ተነስቶ ውስጡን ራሱ ፈጠረው። እጥፋቱም የዚህ ጨርቅ አይደለም። ይሄ ጨርቅ ከወገብ ሲወርድ ቀጭን ቀጭን ሞገድ ይሠራል፣ እግር ላይ ይጣበቃል፤ ምስሉ ላይ ያለው ግን ከብዶ ቀጥ ብሎ የወረደ ጥጥ ነው።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አለችኝ።

«እኔ አይደለሁም።»

«አድራሻው ያንቺ ነው።»

«አድራሻው የኔ ነው» አልኳት።

ያኔ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ሰው ፊት ሸተትኩ» ብቻ አለች፣ እየደጋገመች፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በወላይትኛ። ከዚያ ሁሉ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረው ይህ ነው።

ልብሶቹን እዚያው እንድትተዋቸው ነገርኳትና ልክ ወሰድኩላት፤ የሷን በሜትር፣ የሙሽራዋንና የሚዜዎቹን ስልክ አስደውዬ። ሠርጉ ቅርብ ነበር። የተሸመነ ጨርቅ ለሁለት ቀሚስ የሚበቃ ነበረኝ፤ ለሚዜዎቹ ጥቁር ጥጥ ቀሚስ ሰፍቼ አንገቱና ጫፉ ላይ የዱንጉዛ ጥብጣብ ላደርግላቸው ተስማማን። «እንደ ምስሉ ይሆናል?» አለችኝ ስትወጣ። «እንደ ጨርቁ ይሆናል» አልኳት።

የአክስቴን ልጅ ያገኘሁት በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጥሬ ሥጋ ይዟል፤ ማባያው ዳጣ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። አንዱን ቀሚስ በፌስታል ይዤ ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ጓደኞቹ ወደ ኋላ አሉ።

«ምን ታደርጊያለሽ፣ እየበላን እኮ ነው!»

«ሽተተው።»

«እህቴ፣ ኋላ እንነጋገር።»

«ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለብሳው ቆማለች። አንተ ሽተተው።»

ጓደኞቹ ፈቀቅ አሉ። ተቆጥቶ ይነሳል ብዬ ነበር፤ አልተነሳም። ይልቁንም ስልኩን አወጣ፣ እንደዚያች የመጀመሪያዋ ቀን ፊቴ ላይ ደቀነው። የጻፍኩትን ሁሉ አስቀምጦታል። ‹በእጅ የተሸመነ ወፍራም ጥጥ ነው፤ አያብለጨልጭም። በክብደቱ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ እጥፋቶቹ ጥቂትና ጥልቅ ይሁኑ።› አንዲት ቃል አልቀየረም። የቀየረው ፎቶውን ብቻ ነው። የታተመውን ፖሊስተር ፎቶ አስገብቶ የኔን ቃል አለበሰው።

«አየሽ?» አለኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ኩራት ነበር። «ያንቺ ጽሑፍ ምን ዓይነት እንደሆነ አታውቂም። ምንም ዓይነት ጨርቅ ስጪው፣ ያንቺን ጽሑፍ ስጨምርበት የተሸመነ ያደርገዋል። ተሰጥኦ ነው ያለሽ። አብረን ብንሠራ—»

«ውስጡ ነጭ ነው።»

«ማን ውስጡን ያያል?»

«ሰው ይለብሰዋል እኮ! ውስጡ ነው ገላን የሚነካው!»

ጎረሰ። አኝኮ እስኪውጥ ጠበቅሁት። ከንፈሩ ጥግ ላይ ዳጣ ነበር። «ሴቶች የሚገዙት ሥዕል ነው» አለኝ። «ጨርቅ አይደለም። ሥዕሉ ካማረ ልብሱ ሲመጣ እነሱው ያሳምሩታል። ደግሞ ከሥሩ ‹ምስሉ ለማሳያ ነው› ብዬ ጽፌያለሁ።»

‹በእጅ የተሸመነ› የሚለውም ከሥሩ ነበር፤ ያንን አላነሳም። እኔ አነሳሁበት። ትከሻውን ነቀነቀ።

የተጸየፍኩት ሌብነቱን ብቻ አልነበረም። ሌባ አይቼ አውቃለሁ። እነዚያን ቃላት ያገኘኋቸው ጨርቁን ስዳስስ፣ ስተኩስ፣ ስቆርጥ ነው። ያንን ጨርቅ ለማያውቅ ነገር ጨርቁን ለማስረዳት ነበር የደከምኩት። አሁን የራሴ ቃል፣ ሰው ለብሶት ያወለቀው የራሴ የውስጥ ልብስ ያህል ቀፈፈኝ። እዚያው በሩ ላይ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ፤ እንዲህ አድርጌ አላውቅም ነበር።

የቻናሉ አስተዳዳሪ ነበርኩ፤ ልብሴን ራሴ እንድለጥፍ መብት ሰጥቶኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ የተገለበጠውን የአንገት ውስጥ በስልኬ አነሳሁት፤ ምንም ሳላሳምር፣ ነጩ እንዲታይ። ከጎኑ የኔን የተሸመነ ቀሚስ የአንገት ውስጥ አደረግሁ። ከሥሩ ‹የታተመና የተሸመነ። ከመግዛታችሁ በፊት የውስጡን ፎቶ ጠይቁ› ብዬ ለጠፍኩት። ጥቂት ሰዎች መጠየቅ ጀምረው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጽሑፉ ጠፋ፤ እኔም ከቻናሉ ወጣሁ። ወጣሁ ሳይሆን ተባረርኩ።

ቀሚሶቹን ሰፍቼ ራሴ ቤሌ ድረስ ይዤ ሄድኩ። ለሰው አልሰጥም፣ በሚኒባስ አልክም አልኩ፤ ገላቸው ላይ ላየው ፈለግሁ። እናትየዋን አለበስኳት። ጨርቁ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ወገቧ ላይ የሁለት ጣት ልልነት ተውኩላት፣ ስትቀመጥ እንዳይዛት። የአንገቷ ቆዳ አልዳነም ነበር፤ ጥጡ ሲነካው እንዳይቆረቁራት ለአንገቱ ስስ ነጭ የጥጥ ገበር ሰፍቼለት ነበርና እጇን አስገብታ ዳሰሰችው። አፍንጫዋን ወደ እጅጌዋ አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያ ሚዜዎቹን ጠርታ አንድ በአንድ አሸተተቻቸው፤ እነሱ ሳቁባት፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

መልሱ ላይ ዘፈኑ ሲደምቅ ወጥታ ጨፈረች። ጨርቁ ከጉልበቷ ጋር ሲሄድ፣ ሲቆም፣ መስመሩ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አየሁት። የላብ ጠብታ ከአገጯ አንገቷ ላይ ወረደ፤ ንጹሕ ውኃ ነበር።

አንዷ ሚዜ ጨዋታ መሃል አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን አሳየችኝ። ያው ቻናል ነው። አዲስ ቀሚስ፣ አዲስ ሴት፤ ቀላ ያለች፣ ወገቧ የለም። «እህቴ፣ ያንቺ ጥሩ ነው» አለችኝ በትሕትና፣ «ግን ትንሽ ይደርቃል። እንደዚህ እንዲወርድ ማድረግ አይቻልም?»

«እንደዚያ የሚወርድ ጨርቅ የለም» አልኳት።

«እዚህ አለ እኮ» አለችና ጣቷን የስልኩ መስታወት ላይ አኖረች።

ከሳምንት በኋላ እናትየዋ የምስጋና መልእክት ከአንድ ፎቶ ጋር ላከችልኝ። ‹ጋላታይስ፣ ጌታ እጅሽን ይባርክ› ይላል። ፎቶው የሠርጉ ነው፤ ከልጇ ጋር ቆማለች። ነገር ግን ሆዷ የለም። ሰፊው ትከሻዋ ጠብቧል። ፊቷ ላይ አንዲት መስመር አልቀረችም። የሰፋሁላት ጥጥ እንደ ሐር አብለጭልጮ፣ እግሯ ላይ ተጣብቆ፣ ሞገድ እየሠራ ወርዷል፤ ቢጫው ቀዩ ውስጥ ገብቷል። ልጆቿ ናቸው በስልካቸው ያስተካከሉላት፤ በፍቅር ነው። ሴትዮዋ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረችም። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ያለበስኳት ገላ ተገፎ፣ ያ የማይሰማ የማይለወጥ ፈገግታ እሷ ላይ ተለጥፏል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

መልሼ ስደውልላት «ያልተነካው አለሽ?» አልኳት።

«ያ? ያ ወፍሬበታለሁ» ብላ ሳቀች።

«እሱን ላኪልኝ።»

ላከችልኝ። አሁን ግድግዳዬ ላይ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ የምጠቁመው እሱን ነው። ኤአዩን አልተውኩትም፤ የማይታየው ማኒኪን አሁንም ይጠቅመኛል። ቃሎቼን ግን ለማንም አልሰጥም፤ ከእያንዳንዱ ምስል ጎን የተገለበጠ የአንገት ውስጥ ፎቶ ሳላደርግ አልለጥፍም። አንዳንዱ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ አያምርም» ይለኛል። አንዳንዱ አጉልቶ ያየዋል።

የአክስቴ ልጅ ዋናው መንገድ ላይ ፊቱ መስታወት የሆነ ሱቅ ከፈተ። ልቅሶ ቤት እንገናኛለን፤ እንጨባበጣለን፤ ስለ እናቶቻችን ጤና እንጠያየቃለን። ባለፈው ጊዜ ሸሚዙ ያምር ነበር። አጠገቤ ሲቀመጥ ሽታው መጣ፤ ያው ጋዝ የነካ ፕላስቲክ። ራሱም ይለብሰዋል። ወንበሬን ትንሽ ሳብ አድርጌ ወደ ሟቹ ቤተሰብ ዞርኩ።